ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳያልፍ፦ ከመጀመሪያው ክኒን እስከ 18ኛው ወር

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጅማ ውስጥ በነፍሰ ጡሮች ክትትል ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ የምርመራ ውጤት መናገር ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። የሚያስጨንቀኝ እናቲቱ መድኃኒቱን ይዛ ከበሩ ከወጣች በኋላ ያለው ነው። መድኃኒቱ ይሠራል። የሚበላሸው ቤት ውስጥ ነው፤ ክኒኑ ከምን ጋር ተዋጠ፣ ሽሮፑ በምን ተለካ፣ አራሱን ማን ምን አቀመሰው።

ስለዚህ የአንዲትን እናት ጉዞ ይዤ ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ። ሄርማታ አካባቢ ትኖር ነበር። እንዳትታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። የሕክምናው ነገር ግን እንዳለ ነው።

አንደኛ፦ ምርመራውና የመጀመሪያው ክኒን በአንድ ቀን

የመጣችው በአምስተኛ ወሯ ነው። ሁለተኛ እርግዝናዋ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ተመርምራ ነፃ ነበረች፤ ስለዚህ አሁንም ነፃ እንደሆነች እርግጠኛ ነበረች። የመጀመሪያው መመርመሪያ ሁለት መስመር አሳየ። በአንድ መመርመሪያ ብቻ ማንም «አለብሽ» አይባልም፤ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይረጋገጣል። ተረጋገጠ።

ቫይረሱ ወደ ልጁ የሚያልፍባቸው ጊዜያት ሦስት ናቸው፦ በማህፀን ሳለ፣ በምጥና በወሊድ ሰዓት፣ ከዚያ በጡት ወተት። ምንም ካልተደረገ ከ100 እናቶች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ለልጃቸው ያስተላልፋሉ። እናቲቱ መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ልጇን እያጠባችም ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ልዩነቱን የሚያመጣው በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ ብዛት ነው። ብዛቱ እንዲወርድ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው «ነገ ተመለሺ» የማንለው።

ቀድሞ ሲዲ4 የሚባሉት በሽታ ተከላካይ የደም ሕዋሶች ቁጥር እስኪወርድ ይጠበቅ ነበር። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ቀርቷል። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ቫይረሱ ከተገኘባት ወዲያው ትጀምራለች፣ ዕድሜ ልኳንም ትቀጥላለች። መድኃኒቱ በቀን አንዴ የሚዋጥ አንድ ክኒን ነው። ውስጡ ሦስት መድኃኒት አለ፦ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። በአጭሩ ቲኤልዲ እንለዋለን።

ለእርግዝናው ክፉ እንዳይሆን የምትፈሩ አትሳሳቱ። ለጽንሱ የሚያስፈራው ቫይረሱ እንጂ ክኒኑ አይደለም።

በዚያው ቀን የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራም ይደረጋል። ሁለቱም ወደ ልጅ ያልፋሉና አትዝለሉት።

መሃል ላይ አንድ ነገር ልናገር። «ነፃ ነሽ» የተባለችዋም ጉዳይ እዚያ ላይ አያበቃም። እርግዝናው ሲገፋ እንደገና መመርመር አለባት። በእርግዝና ወይም በማጥባት ላይ ሳለች ቫይረሱ አዲስ ከገባባት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዛቱ በጣም ከፍተኛ ነው፤ ለልጁም በጣም አደገኛው ወቅት ያ ነው። ባለቤትም ይመርመር የምንለው ለዚህ ነው። የሄርማታዋ እናት ባል ቆይቶ ተመረመረ። እሱ የሆነው የእሱ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛ፦ ክኒኑ ከምን ጋር ነው የሚዋጠው?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

መድኃኒት ከጀመረች ሦስት ወር ሲሆናት፣ ወደ 33ኛ ሳምንቷ ግድም፣ ቫይራል ሎድ ተሠራላት። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ቫይረስ እንዳለ የሚቆጥር ምርመራ ነው። ዶሉቴግራቪር ፈጣን ነው። በሦስት ወር ውስጥ ቁጥሩ ከ50 በታች እንዲሆን እንጠብቃለን። የእሷ ግን 1,800 ሆኖ መጣ።

«አንድም ቀን አላስተጓጎልኩም» አለችኝ። አመንኳት። ግን እንዴት እንደምትውጥ አሳዪኝ አልኳት። ከቦርሳዋ ትንሽ ፌስታል አወጣች። ሁለት ክኒኖች አንድ ላይ ተጠቅልለዋል። አንዱ ቲኤልዲ ነው። ሌላው ለደም ማነስ የምንሰጣት አይረን።

«ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይነሳ፣ በባዶ ሆዴ ሁለቱንም በአንድ ጉንጭ ውሃ። ከዚያ ግልግል!» አለች።

ችግሩ ይኸው ነው። አይረንና ካልሲየም ዶሉቴግራቪሩን ሆድ ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። በባዶ ሆድ አብረው ሲዋጡ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለጨጓራ የሚታኘከው ወይም የሚጠጣው ማርገቢያም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱንም መድኃኒት የሰጠናት እኛው ነን። ሁለቱን እንዴት እንደምትለያይ የነገራት ግን አልነበረም። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም።

ደንቡ ቀላል ነው። ቲኤልዲውን አይረኑን ከመውሰድሽ 2 ሰዓት በፊት፣ ወይም ከወሰድሽ 6 ሰዓት በኋላ ትውጪዋለሽ። ይህ ካልተመቸ ሁለቱንም ምግብ እየበላሽ አብረሽ መውሰድ ትችያለሽ፤ ምግብ ሲኖር መጠላለፉ ይቀራል። በባዶ ሆድ አብሮ መዋጥ ግን አይሆንም። የጨጓራ ማርገቢያውን ግን ከምግብ ጋርም ቢሆን አራርቂው።

ለእሷ እንዲህ አደረግንላት። አይረኑ ቀን 7 ሰዓት ከምሳ ጋር፣ ቲኤልዲው ማታ 3 ሰዓት። ማታ የተመረጠው ልጇን የምታስተኛው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው። ሰዓቱን ከማይቀር ሥራ ጋር አያይዢው፤ ከስልክ ማንቂያ ይልቅ እሱ ያስታውሳል።

ጅማ ነውና ቡናን ሳልናገር አላልፍም። ቡና ቲኤልዲውን አይነካውም። አይረኑን ግን ይነካዋል። ከምሳ በኋላ ወዲያው ቡና ከተጠጣ አይረኑ በቅጡ አይገባም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ይህን ስነግራት «ጎረቤት ተሰብስቦ ልቀመጥና ሳልጠጣ?» ብላ ሳቀችብኝ። አይረኑን ወደ ቁርስ እናዛውረው ተባብለን ተስማማን።

ሌሎች ክኒኑን የሚያዳክሙ መድኃኒቶችም አሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን አንዱ ነው፤ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም አሉበት። እነዚህን የምትወስድ እናት ለሐኪሟ ትናገር። ለነቀርሳው ዶሉቴግራቪሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይደረግላታል።

በረመዳን የምትጾም ካለች ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ፈቃድ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ከጾመችም ክኒኑ በቀን አንዴ ስለሆነ ማፍጠሪያ ላይ መዋጥ ይችላል። ቀኑን መዝለል ግን አይቻልም።

ሰዓቱ ካለፈሽ፣ እንዳስታወስሽ ዋጪ። ቀጣዩ ሊደርስ ጥቂት ሰዓት ብቻ ከቀረው የቀረውን ተዪና በቀጣዩ ቀጥዪ። ሁለት አትደርቢ።

ስለ መደበቅም ልናገር፤ መደበቅ አለና። መለያ ወረቀቱን ከጠርሙሱ ላይ ላጪው። ክኒኑን ግን በራሱ ጠርሙስ፣ ውስጡ ካለችው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር አቆዪው። በፌስታልና በወረቀት ጠቅልሎ ወራት ማቆየት ያበላሸዋል።

ሦስተኛ፦ የመውለጃው ቀን

ሰዓቱን ካስተካከለች ከአራት ሳምንት በኋላ እንደገና ደም ተወሰደ። ውጤቱ ሳይመጣ ምጥ መጣ። 39ኛ ሳምንቷ ላይ ነበረች። ይህ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ውጤት ካልደረሰ «ጥሩ ይሆናል» ተብሎ አይገመትም። ልጁ ለከፍተኛ ስጋት እንደተጋለጠ ተቆጥሮ መድኃኒት ይሰጠዋል።

ከፍተኛ ስጋት የሚባሉት በግልጽ እነዚህ ናቸው። እናቲቱ ከመውለዷ በፊት መድኃኒት የወሰደችው ከ4 ሳምንት ላነሰ ጊዜ ከሆነ። ለመውለድ በተቃረበችበት ወቅት ቫይራል ሎዷ ከ1,000 በላይ ከሆነ። ወይም ምጥ ላይ ወይም በማጥባት ጊዜ ገና አሁን ከታወቀባት። ልኬት የሌላትንም አብረን እንቆጥራለን።

ወደ መውለጃው ስትሄጂ ሁለት ነገር ያዢ፦ ካርድሽንና ክኒንሽን። ምጥ ቢሆንም ማታ 3 ሰዓት ሲደርስ ክኒኑ ይዋጣል። ለአዋላጇ በግልጽ ንገሪያት። ስታውቅ ያለ ምክንያት የእንሽርት ውሃ አታፈስም፣ ብልትሽንም ያለ ግድ አትቀድም። ኦፕሬሽን ኤችአይቪ ስላለብሽ ብቻ ግድ አይደለም።

በሆነ ምክንያት ቤት ብትወልጂ ቀኑ አለፈ ብለሽ አትቅሪ። በዚያው ቀን፣ ካልሆነም በማግስቱ ልጁን ይዘሽ ነይ። ዘግይተሽም ቢሆን ነይ።

አራተኛ፦ የሕፃኑ ሽሮፕ፣ በሲሪንጅ

ሴት ልጅ ተወለደች። 2.9 ኪሎ።

ነቪራፒን የሚባለው ሽሮፕ በተወለደች በሰዓታት ውስጥ ተጀመረላት። ስጋቱ ከፍተኛ ስለተባለ ዚዶቩዲን ተጨመረ። ክብደታቸው 2.5 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች መጠኑ እንዲህ ነው። ነቪራፒን 1.5 ሚሊ ሊትር በቀን አንድ ጊዜ። ዚዶቩዲን 1.5 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት። ይህ የሚሆነው በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ላለው ሽሮፕ ነው፤ እሱን ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ለሆነ ልጅ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ ላነሰ ልጅ ሐኪሙ በክብደቱ ያሰላል።

እንዲህ ለስድስት ሳምንት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ዚዶቩዲኑ ይቆምና ነቪራፒኑ ብቻውን ወደ 2 ሚሊ ሊትር ከፍ ብሎ ለተጨማሪ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል። እናቲቱ ቫይራል ሎዷ ወርዶ በሰላም የወለደች ከሆነች ግን ልጁ የሚወስደው ነቪራፒን ብቻ ነው፤ ለስድስት ሳምንት።

አሁን ወደ ሲሪንጁ። ከፋርማሲው የተሰጣት ባለ 5 ሚሊ ሊትር ነበር። እዩት፦ በባለ 5ቱ ላይ ትንንሾቹ መስመሮች በ0.2 ነው የሚሄዱት። 1.4 አለ፣ 1.6 አለ፣ 1.5 ግን መስመር የለውም። እናቲቱ በግምት ትሰፍራለች ማለት ነው። ባለ 2 ወይም ባለ 3 ሚሊ ሊትሩን ጠይቂ፤ እሱ በ0.1 ስለሚሄድ 1.5 በግልጽ ይታያል። መስመሩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት። የሻይ ማንኪያ በፍጹም አይሆንም። አንድ ሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ትሰጫለሽ።

አሰጣጡ ይህ ነው። ነቪራፒኑ ሲቆም ከታች ይዘቅጣል፤ ጠርሙሱን ቀስ አድርገሽ ነቅንቂው። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሳቢ። የአየር አረፋ ካለ መልሰሽ ግፊና እንደገና ሳቢ። ልጁን ቀና አድርገሽ ያዢ። ሲሪንጁን በጉንጩ በኩል አስገቢና ትንሽ በትንሽ ግፊ። በቀጥታ ወደ ጉሮሮ ካፈሰስሽው ትን ይለዋል። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰው ያንኑ መጠን ድገሚ። ከዚያ በኋላ ካስመለሰ አትድገሚ።

ሁለቱ ጠርሙሶች መሳይ ናቸው። ማታ በጭለማ መቀያየር ይመጣል። እሷ በቀን ሁለቴ የሚሰጠው አንገት ላይ ሁለት ዙር ቀይ ክር አሰረችበት። «ሁለት ክር፣ ሁለት ጊዜ» አለችኝ። ከእኛ ከማንኛችንም አልሰማችውም። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም እናት እነግራለሁ።

አንድ የመቆጣጠሪያ ዘዴ አለ። ጠርሙሱን በቀጠሮ ይዘሽ ነይ። 1.5 ሚሊ ሊትር በቀን አንዴ ለ42 ቀን ሲሰጥ 63 ሚሊ ሊትር ያልቃል። ዚዶቩዲኑ በቀን 3 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 126 ያልቃል። በስድስተኛው ሳምንት ከሁለቱም እኩል ከጎደለ አንዱ በስህተት ተሰጥቷል ማለት ነው። ይህን ለቁጣ ብለን አይደለም፤ ነርሷ የቱ ጋ እንደተሳሳተ እንድታየው ነው።

ምን ሲታይ ነው መምጣት ያለብሽ? ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ሲወጣ፣ በተለይ አፉና ዓይኑ አካባቢ ሲቆስል ወይም ትኩሳት ሲኖረው፤ ነቪራፒን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። መዳፉና ከንፈሩ ሲገረጣ፤ ዚዶቩዲን ደም ሊያሳንስ ይችላል። በራስሽ አታቁሚ፤ በዚያው ቀን ይታይ።

አምስተኛ፦ ቅቤው

በሦስተኛው ቀን አማቷ ከገጠር መጡ። ለአራሷ ቅቤ ይዘው። ሌላም ቅቤ አለ፤ ለሕፃኑ የሚዋጥ። ጣታቸውን ቅቤ ነክረው ለልጅቷ አቀመሷት። በማግስቱ የአብሽ ውሃ። እናቲቱ ለምን እንደማይሆን መናገር አልቻለችም፤ ስለ ኤችአይቪው አማቷ አያውቁም።

በስልክ ስታወራኝ እያለቀሰች ነበር። «አሁን ጡት ላቁምባት?» አለችኝ። አታቁሚ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያልጠነከረ የሕፃን አንጀት ከጡት ወተት ሌላ ነገር ሲገባበት ይቆጣል፣ ይላጣል። በተላጠው በኩል ወተቱ ውስጥ ያለ ቫይረስ መንገድ ያገኛል። ተቅማጡ ደግሞ ራሱን የቻለ ገዳይ ነው። ስለዚህ እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ፤ ውሃም ቢሆን አይጨመርም። የታዘዘ መድኃኒትና ሽሮፕ ብቻ ይፈቀዳል። ቅቤ ወይም አብሽ ሳታውቂ ከተሰጠ ግን መፍትሔው እሱን ማቆም ነው እንጂ ጡቱን ማቆም አይደለም። አንቺ መድኃኒትሽን እየወሰድሽ፣ ልጁም ሽሮፑን እየወሰደ ከሆነ ጡቱ ይቀጥላል።

አማቷን እኔ ቤት ሄጄ አነጋገርኳቸው። ስለ ኤችአይቪ አንድም ቃል አልተናገርኩም። «እማማ፣ አሁን ለሁሉም አራስ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ነው የምንለው። ቅቤው ለእናቲቱ ገንፎ ላይ ይሁን» አልኳቸው። ሐቅ ነው፤ ለሁሉም እናት የሚባለው ይኸው ነው። «እኛ እኮ ስምንት ልጅ በቅቤ ነው ያሳደግነው» አሉኝ። አልተከራከርኩም። ገንፎው ላይ ያለው ቅቤ ግን በዛ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እንዲህ ለማስነገር ጠይቂ፤ ምስጢርሽ ሳይነካ ነገሩ ያልቃል።

ጡት ብቻ ማጥባት ይሠራ ዘንድ አያያዙ ደህና መሆን አለበት። የልጁ አፍ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ክፍልም መያዝ አለበት። ጫፉን ብቻ ሲይዝ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀና የሚደማ ጡት፣ ያበጠና መግል የቋጠረ ጡት፣ በልጁ አፍ ውስጥ የሚወጣ ነጭ ነገር፤ ሦስቱም ቫይረሱ የማለፍ ዕድሉን ይጨምራሉ። አንዱ ጡት ከታመመ በደህናው አጥቢ። የታመመውን ጨምቀሽ አውጥተሽ ድፊ፤ ካልወጣ እብጠቱ ይብሳል። በዚያው ቀንም ለሕክምና ነይ።

የዱቄት ወተትስ? ብዙዎች ይጠይቁኛል። የዱቄት ወተት ብቻ የሚጠጣ ልጅ በወተት በኩል ኤችአይቪ አይይዘውም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራ። ለመጀመሪያው ስድስት ወር አንድ ልጅ ወደ 20 ኪሎ ዱቄት ይፈልጋል። ባለ 400 ግራሙ ጣሳ ከሆነ 50 ጣሳ ነው። በየቀኑ የፈላ ውሃ፣ በየመጥቢያው የታጠበ ዕቃ፣ ማታም ጭምር። በአራተኛው ወር ገንዘቡ አልቆ ጡትና የላም ወተት መቀላቀል ከተጀመረ ከሁለቱም የባሰ ሆነ ማለት ነው። እኔ በግሌ ይህን ስሌት ሰምታ፣ አቅሟን ዓይታ «እችላለሁ» ያለችን እናት አልከለክልም። ከቻለች በጡጦ ሳይሆን በኩባያ ታጠጣ፤ ኩባያ ለማጠብ ይቀላል። እዚህ አካባቢ ላለው ለአብዛኛው ቤት ግን ክኒንና ጡት ይሻላል ባይ ነኝ።

ከስድስት ወር በኋላ ገንፎና ሌላ ምግብ ይጀመራል፤ ጡቱም አብሮ ይቀጥላል። ቢያንስ እስከ 12 ወር፣ መድኃኒቷን በደንብ የምትወስድ ከሆነች እስከ 24 ወር። ማቆም ስትፈልጊ በአንድ ቀን አትቁረጪ፤ በአንድ ወር ውስጥ ቀስ በቀስ አሳንሺ።

ልንሸነግል አይገባም፤ ቫይራል ሎድ ባይታይም በማጥባት የመተላለፍ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። ለዚህ ነው በማጥባት ጊዜም ልኬቱ የሚደጋገመው። ክኒንሽ ለቀናት ከተቋረጠ አትደብቂን። ልጁ ሽሮፑን እንደገና ሊጀምር ይችላል። ብዙዎች የሚያቋርጡት ለአራስነት ወደ እናታቸው ቤት፣ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ገጠር ሲሄዱ ነው። ከመሄድሽ በፊት የሚበቃሽን ክኒንና ሽሮፕ፣ ከዚያም የዝውውር ወረቀት ውሰጂ።

ስድስተኛ፦ 45ኛው ቀን

በ45 ቀኑ ክትባት አለ። ያንኑ ቀን ሁለት ነገር ይደረጋል። የመጀመሪያው ከተረከዝ የሚወሰድ ደም ነው። ጠብታዎቹ ክብ ክብ ምልክት ያለበት ወረቀት ላይ ይደርቃሉ፣ ወደ ላቦራቶሪ ይላካሉ። ራሱን ቫይረሱን የሚፈልግ ምርመራ ነው። ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች የሚደረገው ተራ ምርመራ በዚህ ዕድሜ አይሠራም፤ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል በልጁ ደም ውስጥ ስላለ ነፃውንም ልጅ «አለበት» ያሰኘዋል። በዚህ ምክንያት የደነገጡ ቤተሰቦች አይቻለሁ።

ሁለተኛው ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ ባክትሪም የምንለው። እስከ ስድስት ወር 2.5 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር፣ በቀን አንዴ። ለኤችአይቪ ሳይሆን ለሳንባ ምች ነው፤ ቫይረሱ ካለ ሕፃናትን ቶሎ የሚገድለው እሱ ነውና።

ውጤቱ «አለበት» ከተባለ ማረጋገጫው እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ሌላ ናሙና ተወስዶ በዚያው ቀን የሕፃናት ሕክምና ይጀመራል።

የእኛዋ ልጅ ውጤት ነፃ ሆኖ መጣ። የእናቷም ያ የዘገየው ቫይራል ሎድ ከወሊድ አሥር ቀን በኋላ ደርሶ ነበር፤ ከ50 በታች። የተጀመረውን የሽሮፕ ሕክምና ግን እስከ 12ኛ ሳምንት ጨረስነው።

ሰባተኛ፦ የመጨረሻው ምርመራ

በ45 ቀኑ ነፃ መሆን የሚናገረው እስከዚያች ቀን ድረስ ስላለው ነው። ጡት እስከጠባ ድረስ በሩ አልተዘጋም። ብዙ እናቶች ግን ያን ውጤት ይዘው ይጠፋሉ። ስለዚህ በ9 ወር ይደገማል። የመጨረሻው ከ18 ወር በኋላ፣ ጡት ካቆመም ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ጡት የቆመበትን ቀን ካርዱ ላይ አጽፊ፤ ነርሷ የምትቆጥረው ከዚያ ነው።

እሷ በ15 ወሯ አስቆመቻት። በ19 ወሯ ይዛት መጣች። ልጅቷ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሲሪንጅ ለመያዝ ትታገላለች። ጣቷ ተወጋ፣ 15 ደቂቃ ጠበቅን። አንድ መስመር።

በዚያው ቀን ባክትሪሙ ቆመ። የእናቲቱ ክኒን ማታ 3 ሰዓት ላይ ይቀጥላል።